የመንጋጋ ጥርስ ሲላንት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ልጃችን በቀን ሁለቴ ጥርሱን ይቦርሻል፤ ሲላንት ምን ይጨምርለታል?»

የመንጋጋ ጥርስ ማኘኪያ ገጽ ሜዳ አይደለም። ጠባብ ቦዮችና ትንንሽ ጉድጓዶች ይበዙበታል፤ ብዙዎቹ ከአንዲት የብሩሽ ፀጉር የጠበቡ ናቸው። የምግብ ቅሪትና ባክቴሪያ ይገቡባቸዋል፣ ፀጉሩ ግን አይደርስባቸውም። ፍሎራይድም ቢሆን ዋና ጥቅሙ ለጥርስ ለስላሳ ጎኖች ነው፤ ቦዮቹን የዚያን ያህል አይጠብቅም። በልጆች መንጋጋ ላይ የመጀመሪያው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ሲላንት ሬዚን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የሚሠራ ቀጭን ፈሳሽ ነው። ቦዩ ውስጥ ፈስሶ ይጠነክርና ገጹን ብሩሽ ሊያጸዳው የሚችል ያደርገዋል። ሁለት ጥርሶች የሚነካኩበትን ጎን ግን አይሸፍንም። ስለዚህ መቦረሹ አይቀርም፣ በጥርሶች መካከል በክር ማጽዳቱም አይቀርም።

«ገና 6 ዓመቱ ነው፤ ከኋላ የበቀለው የወተት ጥርስ ስለሆነ መውደቁ አይቀርም»

ብዙ ጥርስ የሚጠፋው በዚህ ስህተት ነው። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ በ6 ዓመት አካባቢ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ኋላ ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ፣ ብዙ ጊዜ ልጁም ሳያማርር ስለሚበቅል ቤተሰብ አያስተውለውም። ይህ ጥርስ ምትክ የለውም። ሲላንት ከሁሉም በላይ የሚጠቅመውም እሱን ነው፤ በወጣባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ኢናሜል የሚባለው የውጭ ሽፋኑ ገና ስላልጠነከረና ቦዮቹ ስላልተጠረጉ በቀላሉ ይቦረቦራል። ቀጣዩ በ12 ዓመት አካባቢ የሚወጣው ሁለተኛው መንጋጋ ነው።

ከማኘኪያው ገጽ ሌላ በቀላሉ የሚረሱ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ በታችኛው መንጋጋ በጉንጭ በኩል ያለው ጉድጓድ፣ በላይኛው መንጋጋ ደግሞ በላንቃ በኩል የሚወርደው ቦይ። ማኘኪያው ተሸፍኖ እነዚህ ክፍት ከቀሩ ጥርሱ በጎኑ ሊቦረቦር ይችላል። የወተት መንጋጋም ሆነ የአዋቂ ጥርስ ቦዩ ጥልቅ ከሆነና የመቦርቦር ዝንባሌ ካለው ሊሸፈን ይችላል። ቦዩ ሰፊና ለስላሳ ለሆነ፣ ለዓመታትም ጤነኛ ሆኖ ለቆየ ጥርስ ግን ብዙም አይጨምርለትም።

«ጠብታ ቀብቶ ማድረቅ ነው፤ ሥራ አይደለም»

ማደንዘዣ መርፌም ሆነ መሰርሰሪያ ስለማያስፈልገው ቀላል ይመስላል። ሲላንቱ ጥርሱ ላይ መቆየት አለመቆየቱ ግን በአንድ ነገር ይወሰናል፤ ጥርሱን ከምራቅ ማድረቅ።

የ7 ዓመት ልጅን የታች ቀኝ የመጀመሪያ መንጋጋ እንውሰድ፤ ሙሉ በሙሉ የወጣ ነው። መጀመሪያ ቦዮቹ ዘይት በሌለው ዱቄትና ውሃ ወይም በደረቅ ብሩሽ ይጸዳሉ፤ ዘይት ያለበት ማጽጃ ቀጥሎ የሚቀባውን አሲድ ያግደዋል። ከዚያ አንድ የጥጥ ጥቅል በጉንጭ በኩል፣ ሌላ በምላስ በኩል ይቀመጥና ምራቅ መምጠጫው ይገባል። ሁለተኛ ሰው መምጠጫውን ቢይዝ ሥራው በጣም ይሻሻላል፤ የልጅ ምላስ አያርፍም።

ከ35 እስከ 37 በመቶ የሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ጄል ቦዮቹን ተከትሎ ይቀባል፣ በጉንጭ በኩል ያለውን ጉድጓድም ይጨምራል። ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይቆይና በውሃ በደንብ ይታጠባል። የረጠበው ጥጥ ተቀይሮ ጥርሱ በአየር ሲደርቅ ኢናሜሉ ጠመኔ የመሰለ ነጭ መሆን አለበት። አሲዱ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ከፍቷል፤ ሬዚኑ ጥርሱን የሚይዘው በእነዚያ ውስጥ ገብቶ ነው። ነጭ ካልሆነ አሲዱ ይደገማል።

በዚህ ጊዜ ምላስ አንዴ ቢነካው የምራቅ ፕሮቲን ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። ጠርጎ መቀጠል አይሠራም፤ አሲዱ እንደገና ተቀብቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ነው የሚቀጠለው። አሁን ሬዚኑ አየር እንዳይታፈን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እየፈሰሰ እንዲሄድ ይደረጋል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠበቅና በሰማያዊ ብርሃን 20 ሰከንድ ያህል ይጠነክራል። የብርሃኑን ጊዜ እያንዳንዱ አምራች ስለሚወስን መመሪያውን ማየት ይገባል።

የመጨረሻው ፈተና መመርመሪያ ይዞ ሲላንቱን ለማንሳት መሞከር ነው። ከተነሳ ውስጡ እርጥብ ነበር ማለት ነው፤ ልጁ ከወንበሩ ሳይወርድ ይደገማል። ቀጥሎ ባለቀለም ወረቀት አስነክሶ ከፍ ያለው ቦታ ይስተካከላል።

«ድዱ ግማሹን ጥርስ እስኪለቅ እንጠብቅ»

ጥርሱ ብዙ ቦዮች ኖረውት ቶሎ ይቦረቦራል ተብሎ ከተፈራ መጠበቁ ዋጋ ያስከፍላል። በድዱ ስር እርጥበት ስላለ ሬዚን አይይዝም፤ ግን እርጥበትን የሚታገስና ፍሎራይድ የሚለቅ ግላስ አዮኖመር የሚባል ሌላ መሸፈኛ አለ። ከሬዚን ቀድሞ ከጥርሱ ይላቀቃል። እንደ ጊዜያዊ ጠባቂ ይቆጠራል፤ ድዱ ወደ ኋላ ሲመለስ በሬዚን ይተካል።

«የጀመረ መበስበስ ካለ ሲሸፈን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል»

ኢናሜሉ ላይ ያለው ነጭ ወይም ቡናማ ነጥብ ብቻ ከሆነና ገጹ ካልተሰበረ፣ በደንብ የታሸገ ሲላንት በሽታውን ያቆመዋል እንጂ አያባብሰውም። ከሥር የተዘጉት ባክቴሪያዎች ምግብ ስለሚቋረጥባቸው ቁጥራቸው በእጅጉ ይቀንሳል። ገደቡ ቀዳዳ መከፈቱ ነው። ቀዳዳው ተከፍቶ መበስበሱ ወደ ውስጠኛው ዴንቲን ከደረሰ ሲላንት ብቻውን አይበቃም፤ ሙሌት ያስፈልጋል። ይህን ለመለየት ጥርሱ ደርቆ በብርሃን ይታያል፣ ካስፈለገም ራጅ ይነሳል። በሹል መመርመሪያ ቦዩን እየወጉ መፈተን አይመከርም፤ የሳሳውን ኢናሜል ሊሰብረው ይችላል።

«ፕላስቲክ ስለሆነ ኬሚካሉ ይመርዛል»

አንዳንድ ሬዚኖች ቢስፌኖል ኤ የሚባል ኬሚካል በጣም በትንሹ ይለቃሉ፤ መጠኑ ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ነው። የሚበዛው ከላይ ካለው ያልጠነከረ ቀጭን ንጣፍ ነው። እሱን በእርጥብ ጥጥ ጠርጎ አፍን ማስጎምጎምና ማስተፋት ይበቃል።

«አንዴ ከተሠራ ለዕድሜ ልክ ነው፤ ከተላቀቀ ደግሞ ድካሙ ባከነ»

ብዙ ዓመት ይቆያል፤ በደንብ የተሠራ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊደርስ ይችላል፤ ያለክትትል ግን አይሆንም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው ሲላንት በመንጋጋ ጥርስ ላይ የሚፈጠረውን መቦርቦር ለ2 ዓመት 80 በመቶ ያህል ይከላከላል፣ እስከ 4 ዓመት ደግሞ 50 በመቶ።

መቼ እንደተላቀቀ ማወቅ ምክንያቱን ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሙሉ በሙሉ ከወደቀ በአብዛኛው ሲሠራ ምራቅ ገብቶበታል። ከዓመታት በኋላ ጠርዙ ካነሰ የማኘክ ድካም ነው። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ምርመራ ይታያል፤ ነጭ ወይም ባለቀለሙ ሲላንት ከግልጹ ይልቅ ጉድለቱ በቀላሉ ይለያል። የጎደለው ብቻ በአሲድ ተዘጋጅቶ ይሞላል፣ ቀሪው መነሳት የለበትም። ሙሉ በሙሉ የወደቀበት ጥርስም ቢሆን ጭራሽ ካልተሸፈነ ጥርስ የባሰ አደጋ ላይ አይሆንም።