ቪዲዮ በስንት ሰዓት ይለቀቅ? የዲያስፖራ ተመልካችና የሰዓት ልዩነት

በአማርኛ የሚሠራ የዩቲዩብ ቻናል ተመልካቹ አንድ ከተማ ውስጥ አይደለም። አዲስ አበባ፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ፍራንክፈርት፣ ዋሽንግተን ዲሲና ሎስ አንጀለስ ሆኖ ያንኑ ቪዲዮ ይጠብቃል። ድሮ የቪዲዮ ካሴት በመንገደኛ ሻንጣ ሲላክ ሰዓት ማንንም አያስጨንቅም ነበር።

እስቲ በኛ አቆጣጠር እንየው። በሐምሌ አንድ ቪዲዮ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት በአዲስ አበባ ተለቀቀ እንበል። ሪያድም 2 ሰዓት ነው። ዱባይ 3፣ ፍራንክፈርት 1 ሰዓት ይሆናል። ዋሽንግተን ከቀኑ 7፣ ሎስ አንጀለስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። የተኛ ከተማ የለም። አሜሪካ ያለው ወገናችንም ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ እቤቱ ይገኛል። በሥራ ቀን ግን ያው ሰዓት ሥራ ላይ ያገኘዋል። የዋሽንግተንን ምሽት 2 ሰዓት እንጠብቅ ካልን ደግሞ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ያኔ አገር ቤትም ዓረብ አገርም ተኝቷል።

እስራኤል ለብቻው ይታያል። በሐምሌ ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ግን ሰንበት ገና አልወጣም። ሰንበት አክባሪ የሆኑት ቤተ እስራኤላውያን ስልክ አይነኩም። ለእነሱ ከ3 ሰዓት በኋላ ይሻላል። በጥር ሰንበት በጊዜ ስለሚወጣ ችግር የለም።

አዲስ አበባ፣ ሪያድና ዱባይ ሰዓት አይቀይሩም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ አውሮፓ በማርች መጨረሻ እሑድ ወደፊት ይገፋሉ። ስለዚህ በጥር ያው የምሽት 2 ሰዓት ለዋሽንግተን ከቀኑ 6 ነው። በማርች ለሁለት ለሦስት ሳምንት ደግሞ አሜሪካ ብቻ ፈቀቅ ይልና የለመድነው ልዩነት ይዛባል።

የራስን ተመልካች ለማወቅ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ Audience የሚለውን መክፈት ነው። ያለፉት 28 ቀናት ተመልካቾች በየሰዓቱ በሐምራዊ ቀለም ይታያሉ። ደመቅ ያለው ሰዓት ብዙ ሰው ያለበት ነው። ዲያስፖራው የበዛበት ቻናል በአዲስ አበባ ሌሊትም ደመቅ ብሎ ይታያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጠሮ ሲይዝ ነው። ምሽት 2 ሰዓት ብሎ አስቦ 2:00 PM ይሞላል። ቪዲዮው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ይወጣል። ትክክለኛው 8:00 PM ነው።

ዩቲዩብ ራሱ የሚለቀቅበት ሰዓት የቪዲዮውን የረጅም ጊዜ ዕይታ በቀጥታ እንደሚነካ አይታወቅም ይላል። ለድሮ ታሪክ ወይም ለምግብ አሠራር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ለላይቭ ግን ሰዓቱ ሁሉ ነገር ነው፤ ያልነቃ ሰው ላይቭ አይገባም።