«ሕዝቡ ቦይ ነው ያለው»፦ በሰፈር በጀት ላይ የሰለቹኝ አባባሎች

«ሕዝቡ ቦይ ይሠራልን ነው ያለው። እኔ ያለውን ነው የጻፍኩት።»

አላለም። የሰፈራችን ልማት ማህበር ሂሳብ ያዥ ከሆንኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ይቺን ነገር ያልሰማሁበት የበጀት ሰሞን የለም። ስብሰባ ላይ ሰው የሚያወራው ችግሩን ነው። ጸሐፊው መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ደግሞ መፍትሔ ነው። ገንዘባችን የሚጠፋው እዚህ መሃል ነው።

ሰፈራችን ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ዳር ነው። ደቻቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ከተራራው ዝናብ ከጣለ ግን ድንገት ሞልቶ ይመጣል። የ1998 ክረምት ጎርፍ እዚህ ያልነካው ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። እና እኛ ጋ ቦይ የሚባል ቃል ከተነሳ ሁሉም ሰው ይደነግጣል። ጸሐፊያችንም ደነገጠ መሰለኝ፣ «የጎርፍ መውረጃ ቦይ ግንባታ፣ 210 ሜትር» ብሎ ጻፈ።

ግምቱ ሲሠራ ማህበሩ በአራት ዓመት የማይሰበስበው ገንዘብ ሆነ። «ከአቅም በላይ» ተባለና ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። በሚቀጥለውም ተላለፈ።

በሦስተኛው ዓመት ጉዳዩን ያነሳችውን እናት ቤቷ ድረስ ሄጄ ጠየቅኳት። ቡና አፍልታ እየጠበቀችኝ ነበር፣ የድሬ ሰው ነገር። «አቦ፣ እኔ መቼ አዲስ ቦይ ሥሩ አልኩ?» አለችኝ። «ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዳቦ ቤቷ ጋ ያለው ቦይ ውስጥ ወድቆ እጁ ተሰበረ ነው ያልኩት።» ቦዩ አለ። ደህና ውሃም ያወርዳል። ችግሩ ክዳን የለውም። ሜትር ይዤ ወጣሁና ለካሁት፦ ዳቦ ቤቷ ጋ 18 ሜትር፣ ቦኖው ጋ 12 ሜትር ክፍት ነው። 30 ሜትር ክዳን ነበር የተጠየቅነው፤ እኛ 210 ሜትር ቦይ ብለን ጽፈን ሁለት ዓመት አስተኛነው።

ከዚያ ወዲህ መዝገባችን ላይ ችግሩና መፍትሔው የየራሳቸው ዓምድ አላቸው። መጀመሪያ ችግሩ፣ በተናጋሪው ቃል፣ በጥቅስ ውስጥ። በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ከተናገረ ያው ቃሉ በፊደል ይጻፍና አማርኛው ከሥሩ ይከተላል፤ እኛ ከተማ ጸሐፊው እየተረጎመ ከጻፈ ግማሹ ነገር መንገድ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ ከየት እስከ የት እንደሆነና ስንት ቤት እንደሚነካ። የመፍትሔው ዓምድ በስብሰባው ቀን ባዶ ነው የሚቀረው። የሚሞላው ሁለት ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ ለክቶ ሲመለስ ነው። ጸሐፊዎች ይሄን ባዶ ዓምድ አይወዱትም፣ ያልተጨረሰ ሥራ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው።

ማወቂያውም ቀላል ነው። «ችግር» የሚለው ዓምድ ሥር «ግንባታ»፣ «ጥገና»፣ «ግዥ» የሚል ቃል ካያችሁ፣ እዚያ የተጻፈው ችግር አይደለም።

«እጅ አውጥተን ቆጥረናል፣ ቅደም ተከተሉ ታውቋል።»

እጅ ሲወጣ የሚታወቀው አንደኛ የወጣው ብቻ ነው። ደግሞ ባለሱቁ እጁን ሲያወጣ ተበዳሪው ሁሉ ያወጣል። እኛ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ፍሬ እንሰጣለን፤ ለፈለገው ጥያቄ የተቀመጠው ኩባያ ውስጥ ይከታል፣ ሦስቱንም አንዱ ላይ ቢያደርግ መብቱ ነው። መዝገቡ ላይ የተሰብሳቢው ቁጥር፣ የተሰጠው ፍሬና በየኩባያው የተገኘው ይጻፋል። ድምሩ መግጠም አለበት። መጀመሪያ ዓመት የባቢሌ ለውዝ ነበር የሰጠነው። ለ62 ሰው 186 ፍሬ ሰጥተን 171 ነው ያገኘነው። አሥራ አምስቱን በልተውታል። አሁን ጠጠር ነው።

«ፕሮፎርማ አለን እኮ፣ ዋጋው ታውቋል።»

ፕሮፎርማ አንድ ነጋዴ በአንድ ቀን የጻፈው የዕቃ ዋጋ ነው። የሥራው ዋጋ ሌላ ነው። ያንኑ ክዳን ልውሰድላችሁ። ቁጥሮቹን ክብ አድርጌያቸዋለሁ፤ እናንተ ገበያ ላይ ሌላ ይሆናሉ፣ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ቦዩ 60 ሳንቲሜትር ስፋት አለው። ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ አሥር አሥር እንዲያርፍ ክዳኑ 80 ሳንቲሜትር ይረዝማል። ወርዱ 50፣ ውፍረቱ 10። ለ30 ሜትር 60 ክዳን ማለት ነው። አንዱ ክዳን ወደ አንድ ኩንታል ይመዝናል፤ ሁለት ሰው ያነሳዋል፣ አንድ ሰው ግን አንስቶ አይሰርቀውም። ይሄ ለእግረኛ ነው። ባጃጅና መኪና የሚያልፍበት ቦታ ከሆነ ውፍረቱንም ፌሮውንም መሐንዲስ ይወስን።

ኮንክሪቱ 2.4 ሜትር ኩብ ነው። ብክነቱን ጨምሮ 9 ኩንታል ሲሚንቶ፣ 25 በርጋ ባለ 10 ፌሮ፣ አንድ ተኩል ሜትር ኩብ አሸዋ፣ ሁለት ሜትር ኩብ ጠጠር። ከማሰሪያ ሽቦና ከማንሻ ቀለበቶቹ ጋር ፕሮፎርማው 68,000 ብር አለ። የማህበሩ ሰብሳቢ ይቺን ቁጥር ይዞ ስብሰባ ላይ ሊያውጅ ነበር፣ ወረቀቱን ከእጁ ነጠቅኩት።

ወረቀቱ ግርጌ በጥቃቅን «ቫትን አይጨምርም» ይላል። 15 በመቶ ሲጨመር 78,200 ሆነ። ከዚያ ማጓጓዣና ጫኝና አውራጅ አለ፣ 11,000። ጫኝና አውራጅ የትኛውም ፕሮፎርማ ላይ የለም፤ መኪናው ሰፈር ሲደርስ ግን እነሱ አሉ። የካሳፎርማ እንጨት 8,500። ግንበኛና ፌራዮ 24,000። ውሃ 1,500። ውሃው ላይ ሁሌ ይስቁብኛል። የድሬ ፀሐይ ላይ ኮንክሪት ሳምንት ሙሉ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፤ በርሜሉን ደግሞ በነጻ የሚያመጣ የለም። ድምሩ 123,200። አሥር በመቶ መጠባበቂያ ሲታከል 135,520 ብር።

ከ68,000 ተነስተን ነው እዚህ የደረስነው። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

በዚህ ላይ ቀኑ አለ። ብዙ ፕሮፎርማ ላይ «ይህ ዋጋ ለዚህን ያህል ቀን የጸና ነው» የሚል መስመር አለ፤ ማንም አያነበውም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በሰኔ ዋጋ በጀት ያጸደቀ ማህበር በመስከረም ፌሮ ሊገዛ ወጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። የኛንም ይጨምራል፣ አልደብቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዋጋ አጠገብ የተጠየቀበት ቀን ይጻፋል፤ ግዥው ከመፈጸሙ በፊት ሦስት ወር ያለፈው እንደገና ይጠየቃል። ቀን የሌለውን ዋጋ እኔ በቀይ እሰርዘዋለሁ። ጸሐፊያችን ይቀየመኛል። ይቀየም።

«ጉልበቱን ወጣቶቹ በነጻ ይሠሩታል፣ ዜሮ ብለህ ጻፈው።»

ዜሮ ብላችሁ ከጻፋችሁ ወጣቶቹ የቀሩ ዕለት ምን እንደጎደላችሁ አታውቁም። እኛ ጋ 20 ልጆች ሁለት እሁድ ቃል ገቡ። ይሄ 40 የሰው ቀን ነው። በሰፈሩ የቀን ሠራተኛ ዋጋ፣ በ400 ብር፣ 16,000 ብር አድርገን «በዓይነት» በሚል ዓምድ አስገባነው። ከጥሬ ገንዘቡ ጋር አይደመርም፤ ይሄን ቀላቅሎ ደምሮ ካዝና ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሲፈልግ የዋለ ሂሳብ ያዥ አይቻለሁ።

በመጀመሪያው እሁድ 20ውም መጡ። ሁለተኛው እሁድ ኳስ ነበር። ሰባት መጡ። 13 ሰው በ400 ብር፣ 5,200 ብር ጎደለን። መዝገቡ ላይ ቁጥሩ ስለነበረ ክርክር አልተነሳም፤ ከመጠባበቂያው አውጥተን የቀን ሠራተኛ ቀጠርን። የመጡት ሰባቱ ስም መዝገቡ ላይ አለ። የቀሩትንም ስም እንድጽፍ የጠየቁኝ ነበሩ፣ እሱን እንቢ አልኩ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣ አጣለሁ።

«ተሠርቶ ካለቀ ወጪ የለውም።»

አለው። እኛ ጋ ቦይ አሸዋ ይሞላል። ከበልግ በፊት በየካቲት፣ ከክረምት በፊት በሰኔ፣ በዓመት ሁለቴ ክዳኑ ተነስቶ መጠረግ አለበት። ማንሻ ቀለበቱም ለዚህ ነው የገባው። ማን እንደሚጠርግና በስንት ብር፣ እዚያው መስመር ላይ ይጻፋል።

«ትንሽ ሰፈር ነን፣ በቃል እንግባባለን።»

እድር ላይ ማን ስንት ወር እንዳልከፈለ በቃል ተግባብታችሁ ታውቃላችሁ?

«ያልተመረጠው ይሰረዝና ዘንድሮ አዲስ ዝርዝር ይጀመር።»

የተሰረዘ ነገር በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ይመጣል፤ እንደገና ይለካል፣ እንደገና ዋጋ ይጠየቃል፣ ያነሳው ሰውም እንዳልሰማነው ይቆጥረዋል። እኛ አናጠፋውም። ስንት ጠጠር እንዳገኘ፣ ለምን እንዳልተያዘ፣ የዋጋው ቀን መቼ እንደሆነ ከጎኑ ተጽፎ ይዞራል። ምክንያቱ ደግሞ «በጀት አልበቃም» ብቻ ከሆነ አልቀበልም፤ ስንት እንደጎደለ ይጻፍ።

ከዘንድሮው የዞሩት አራት ናቸው። ሦስቱ ደህና ናቸው። አራተኛው መስመር «ችግር» የሚለው ዓምድ ሥር «የመንገድ መብራት ተከላ» ይላል። ጸሐፊው ተቀይሯል፣ ይሄኛው ጎበዝ ልጅ ነው፣ የእጅ ጽሕፈቱም ያምራል። ቅዳሜ ማታ ይዤው ልወጣ ነው፣ የጨለመው የቱ ጋ እንደሆነ ያሳየኝ።