ከአንድ ጊዜ ሥራ ወደ ወርሃዊ ውል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሥራውን አስረክቤያለሁ፤ ደንበኛው በየወሩ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም።»

ድረ ገጽ ሠርታችሁ ካስረከባችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት ወራት ደንበኛው የላከላችሁን መልእክቶች አንብቧቸው። «ይህን ፎቶ ቀይሩልኝ»፣ «የመልእክት መቀበያው ቅጽ አልሠራ አለ»፣ «የአዲሷን ሠራተኛ ስም ጨምሩልኝ» የሚሉ ጥያቄዎች ካሉ የውሉ ይዘት በእጃችሁ ነው። አዲስ አገልግሎት መፈልሰፍ አያስፈልግም። ተደጋጋሚ ጥያቄ ከሌለ ግን ውሉን አታቅርቡ፤ ያ ደንበኛ በእርግጥም የአንድ ጊዜ ደንበኛ ነው።

«ገደብ ካበዛሁ ይሸሻል፤ የፈለገውን ሁሉ እሠራለሁ ብለው ይሻላል።»

ብዙ ወርሃዊ ውሎችን ያፈረሰው ይህ ተስፋ ነው ብዬ አምናለሁ። ደንበኛው ምን እንደገዛ አያውቅም፤ ባለሙያውም የት ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ከላይ ላለው ድረ ገጽ ውሉ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ በየሳምንቱ የመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ፣ በወር አንድ ጊዜ ሶፍትዌሩን ማደስና ቅጹን መፈተሽ፣ እንዲሁም በወር እስከ 5 ትናንሽ ለውጦች። «ትንሽ» የሚባለው ከ30 ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው። ጥያቄው በአንድ የሥራ ቀን መልስ ያገኛል፤ በሦስት የሥራ ቀናት ይጠናቀቃል። አዲስ ገጽ መሥራትና ጽሑፍ ማዘጋጀት ከውሉ ውጭ ናቸው፤ ከመጀመራቸው በፊት ለብቻቸው ዋጋ ይቆረጥላቸዋል።

ገደቡ ዋጋውንም ያወጣል። ለውጦቹ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቋሚው ሥራ ሁለት ሰዓት፣ ደብዳቤና ስልክ አንድ ሰዓት ቢወስዱ ድምሩ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ወርሃዊው ክፍያ ይህን ሙሉ ሰዓት መሸፈን አለበት። ደንበኛው ብዙም አይጠይቅም በሚል ግምት የተቀነሰ ዋጋ፣ ሥራ በበዛበት ወር ያከስራል።

«ያልተጠቀመበት ሁሉ ቢጠራቀምለት ፍትሐዊ ነው።»

ስድስት ወር ዝም ያለ ደንበኛ 30 ለውጦችን በአንድ ሳምንት ቢጠይቅ 15 ሰዓት ሥራ ነው፤ የሌሎች ደንበኞች ሥራ ይቆማል። ያልተጠየቀው ለሚቀጥለው ወር ብቻ እንዲተላለፍ ማድረግ ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ይመስለኛል።

«ምንም ካልጠየቀ ዝም ብዬ ሂሳብ ልላክለት።»

ጸጥ ያለ ወር አደገኛ ነው፤ «ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ያኔ ነው። ቅጂው የተቀመጠባቸውን ቀናት፣ የታደሰውን ሶፍትዌርና የቅጹን ፍተሻ ውጤት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከሂሳቡ ጋር ላኩለት። በተቃራኒው ጥያቄዎቹ ሁለት ወር በተከታታይ ከ5 ካለፉ፣ ተጨማሪውን በነጻ ከመሥራት ይልቅ ሪፖርቱን አሳዩትና 10 ለውጦችን የያዘ ሰፋ ያለ ውል አቅርቡለት።