ጥያቄዎቹ የታሰበላቸውን ይለካሉ? የፋክተር አናሊሲስ ፍተሻ በሮዘንበርግ መለኪያ ላይ

ፋክተር አናሊሲስ የመጠይቅ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚቧደኑ ከመልሶቹ ተነስቶ የሚያሳይ የስታትስቲክስ ዘዴ ነው። አንድን ጥያቄ ከፍ አድርገው የመለሱ ሰዎች ሌላውንም ከፍ አድርገው ከመለሱ፣ ሁለቱን የሚያያይዝ አንድ የማይታይ ነገር አለ ብለን እንገምታለን። ያ የማይታይ ነገር «ፋክተር» ይባላል። እያንዳንዱ ጥያቄ ከፋክተሩ ጋር ያለው ትስስር ደግሞ «ሎዲንግ» ነው።

ሐሳቡን በ1904 የጀመረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ስፒርማን ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካዊው ልዊስ ተርስተን ከአንድ በላይ ለሆኑ ፋክተሮች አስፋፋው። ስዊድናዊው ካርል ዮረስኮግ በ1969 የማረጋገጫውን ዓይነት በሒሳብ መሠረት ላይ አቆመው። የፍለጋው ዓይነት «ስንት ቡድን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የማረጋገጫው ግን «እኔ ያልኩት አከፋፈል ከመልሶቹ ጋር ይገጥማል?» ይላል።

ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የሞሪስ ሮዘንበርግ ለራስ የሚሰጥ ግምት መለኪያ ነው። በ1965 ይፋ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ መላሾች በኒውዮርክ ግዛት ከ10 ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ 5,024 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ጥያቄዎቹ አሥር ናቸው፤ መልሱም «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጭራሽ አልስማማም» ድረስ አራት እርከን አለው። አምስቱ በጎ ናቸው፤ ለምሳሌ «በአጠቃላይ በራሴ ረክቻለሁ» ይላሉ። በተለመደው ቅጂ 2ኛው፣ 5ኛው፣ 6ኛው፣ 8ኛውና 9ኛው በአሉታ የተጻፉ ናቸው፤ «አንዳንዴ ምንም እንደማልረባ ይሰማኛል» እንደሚለው። የእነዚህ ነጥብ ከመደመሩ በፊት ይገለበጣል። አሥሩም አንድ ነገር ይለካሉ ተብሎ ነው የታሰበው።

ብዙ ተመራማሪዎች ሲፈትሹት ግን ሁለት ቡድን ያገኛሉ፦ በጎዎቹ ለብቻ፣ አሉታዎቹ ለብቻ።

ይህ እንዴት ሳይታይ ሊያልፍ እንደሚችል በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል እኔ የፈጠርኳቸው ናቸው። አሉታዎቹ ተገልብጠው፣ በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉ ጥያቄዎች ተዛምዶ 0.50 ይሁን። ከቡድን ወደ ቡድን ደግሞ 0.20 ይሁን። አሥር ጥያቄዎች 45 ጥንድ አላቸው፤ 20ዎቹ በየቡድናቸው ውስጥ፣ 25ቱ በቡድኖቹ መካከል ናቸው። አማካይ ተዛምዶው 0.33 ይሆናል። የመለኪያ አስተማማኝነት ማሳያ ሆኖ የሚቀርበው ክሮንባክ አልፋ ከዚህ ሲሰላ 0.83 ነው። ብዙ ሰው 0.83 ሲያይ «አለቀ፣ መለኪያው አንድ ነገር ይለካል» ይላል። አልፋ ግን ይህን አይናገርም። ጥያቄዎቹ በአማካይ ምን ያህል እንደሚዛመዱና ስንት እንደሆኑ ብቻ ነው የሚያየው።

አሁን በአንድ ፋክተር ብቻ እናስላው። እያንዳንዱ ጥያቄ 0.58 ሎዲንግ ያገኛል። «ከ0.40 በላይ ይበቃል» ለሚለው ልማድ ይህም ያልፋል። ስህተቱ የሚጋለጠው በቀሪዎቹ ነው፤ ቀሪ ማለት ባየነው ተዛምዶና ፋክተሩ በሚጠብቀው መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንድ ፋክተር ብቻ ካለ፣ የሁለት ጥያቄዎች ተዛምዶ የሎዲንጎቻቸው ብዜት መሆን አለበት፤ 0.58 × 0.58 ወደ 0.33 ይጠጋል። በቡድን ውስጥ ያየነው ግን 0.50 ነው፣ 0.17 ይተርፋል። በቡድኖቹ መካከል ያየነው 0.20 ነው፣ 0.13 ይጎድላል። ትርፉና ጉድለቱ እንዲሁ የተበተነ አይደለም፤ ልክ በቃላቱ አሉታና በጎነት ተሰልፏል። ሁለት ፋክተር ፈቅደን እርስ በርስ እንዲዛመዱ ስንተዋቸው፣ ሎዲንጉ 0.71፣ በፋክተሮቹ መካከል ያለው ተዛምዶ 0.40 ይሆናል። ቀሪ የሚባል ነገር አይኖርም።

«እርስ በርስ እንዲዛመዱ» ያልኩት በምክንያት ነው። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ላይ ምርጫውን ሳይነኩ የሚሄዱ ተማሪዎች ፕሪንሲፓል ኮምፖነንት የሚባለውን ስሌት ይሠራሉ፤ ይህ ጥብቅ ፋክተር አናሊሲስ አይደለም። አይገንቫሉ አንድ ፋክተር ከመልሶቹ ልዩነት ምን ያህሉን እንደሚይዝ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ የቡድኖቹን ብዛት የሚወስነውም «አይገንቫሉ ከ1 በላይ» የሚለው ሕግ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፋክተር ያበዛል። ከዚያ ፋክተሮቹን ለንባብ እንዲቀሉ የሚያዞረውን ቫሪማክስ ይጨምራሉ። ቫሪማክስ ፋክተሮቹ ፈጽሞ እንዳይዛመዱ ያስገድዳል፤ ለሰው ስሜትና አመለካከት ይህ እምብዛም አይሆንም። ለብዛቱ መልሶቹን ከዘፈቀደ ቁጥሮች ጋር የሚያነጻጽረው ፓራለል አናሊሲስ፣ ለማዞሩ ፋክተሮቹ እንዲዛመዱ የሚፈቅደው ኦብሊሚን ይሻላሉ።

ሁለት ቡድን ተገኘ ማለት ግን ሁለት ነገር ተለካ ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው ክርክሩ። አንዳንዶች ራስን መውደድና ራስን መናቅ እውነትም የተለያዩ ናቸው ይላሉ። ካርማይንስና ዜለር በ1979 ቀላል ፈተና አቀረቡ፤ እኔም ሚዛኔ ወደ እነሱ ያደላል። ሁለቱ ፋክተሮች የተለያዩ ከሆኑ ከውጭ ነገሮች ጋር ያላቸው ዝምድናም መለያየት አለበት አሉ። ሲያዩት ተመሳሳይ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ልዩነቱ የአጻጻፉ ነው ብለው ደመደሙ። ሽሚትና ስተልትስ በ1985 ደግሞ ከመላሾቹ 10 በመቶው አሉታውን ልብ ሳይሉ ቢመልሱ እንኳ አሉታዎቹን ብቻ የያዘ ፋክተር ሊፈጠር እንደሚችል አሳዩ።

በማረጋገጫው ዘዴ ይህን በአር ፕሮግራም እንዲህ መጻፍ ይቻላል። `m1` አንድ ፋክተር ብቻ ነው። `m2` ለአሉታዎቹ የአጻጻፍ ፋክተር ይጨምራል። `d` አሉታዎቹ ተገልብጠው የተቀመጡበት የመልሶች ሰንጠረዥ ነው።

```
library(lavaan)
m1 <- 'se =~ q1+q2+q3+q4+q5+q6+q7+q8+q9+q10'
m2 <- 'se  =~ q1+q2+q3+q4+q5+q6+q7+q8+q9+q10
       neg =~ q2+q5+q6+q8+q9
       se ~~ 0*neg'
fit1 <- cfa(m1, data = d)
residuals(fit1, type = "cor")
```

የመጨረሻው መስመር ከላይ በእጅ ያሰላነውን ትርፍና ጉድለት ያወጣል። `m2` የተሻለ ቢገጥምም «አጻጻፍ ነው» የሚለውን አያረጋግጥም። ገጠመ ማለት ከመልሶቹ ጋር አይጋጭም ማለት ብቻ ነው፤ ትርጉሙን ካርማይንስና ዜለር እንዳደረጉት ከውጭ መፈለግ ግድ ነው። ፍለጋውንና ማረጋገጫውን በአንድ ናሙና ላይ መሥራትም ራስን ማታለል ነው። መልሶቹን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ለፍለጋ፣ ሌላውን ለማረጋገጫ ማዋል ይቻላል።

የትርጉም ጉዳይ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ሽሚትና አሊክ በ2005 መለኪያውን በ28 ቋንቋዎች፣ በ53 አገሮች ውስጥ በ16,998 ሰዎች ላይ ተመልክተው አወቃቀሩ በአብዛኛው እንደሚመሳሰል ጽፈዋል። 8ኛው ጥያቄ ግን በቻይንኛ ትርጉም አስቸጋሪነቱ የታወቀ ነው። በአማርኛ «ለራሴ የበለጠ ክብር ቢኖረኝ እመኛለሁ» ብንለው መላሹ መልካም ምኞት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ያኔ በራሱ የሚተማመን ሰውም «እስማማለሁ» ይላል፤ ሎዲንጉ ይወርዳል።

ሌላም አለ። በአማርኛ «አልመጣም?» ተብለን ስንጠየቅ «አዎ፣ አልመጣም» እንላለን። «የምኮራበት ብዙ ነገር የለኝም» ለሚለው ዓረፍተ ነገር «አልስማማም» ማለት ሁለት አሉታ መደራረብ ነው፤ ጮክ ብሎ ሲነበብለት ለሚመልስ ሰው በተለይ ይከብዳል። አሉታዎቹ ለብቻ ሲቧደኑ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። ከዋናው ጥናት በፊት ጥቂት ሰዎችን አስቀምጦ «ይህን እንዴት ተረዳኸው?» ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም ስሌት ቀድሞ ያጋልጠዋል።

በአገራችንም ሥራው በደንብ ተሠርቷል። በ2013 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የታከሙ 926 አዋቂዎችን ይዞ የድብርት መመርመሪያ የሆነውን ፒኤችኪው-9 ፈትሿል። ዘጠኙም ጥያቄዎች በአንድ ፋክተር ተሰባስበው ተገኙ። ልብ የሚባለው ደግሞ ዘጠኙም ችግርን የሚጠይቁ መሆናቸው ነው፤ የሚገለበጥ ጥያቄ አንድም የላቸውም።