«ተራራ ከተራራ አይገናኝም፣ ሰው ከሰው ግን ይገናኛል»፦ ለሚሰናበት የውጭ ባልደረባ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ

ይህ ምሳሌ የሚነገርባቸው ሁለት ቦታዎች እርስ በርስ አይመሳሰሉም። አንዱ ስንብት ነው። የሚሄደውም የሚቀረውም መቼ እንደሚተያዩ ሳያውቁ ሲለያዩ በዚህ ይጽናናሉ። ሌላው ቂም ነው። የተበደለ ሰው «ግድ የለም፣ ተራራ ነው ከተራራ የማይገናኘው» ብሎ ሲነሣ ዛቻ መሆኑን የማይረዳ የለም። ሁለቱን የሚለየው የተናጋሪው ድምፅና ከዚያ በፊት የተባለው ነገር ብቻ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ተራሮች ዕድሜ ልካቸውን ፊት ለፊት ቢተያዩም ካሉበት አይነቃነቁም፤ ሰው ግን እግር ስላለው የቱንም ያህል ቢራራቅ መንገድ ያገጣጥመዋል። ምሳሌው እንገናኛለን ብሎ ቃል አይገባም፤ መገናኘት የሰው ጠባይ ነው ይላል እንጂ። ስንብቱን የሚያቀለውም ይኸው ነው።

አባባሉ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በላቲን፣ በሩሲያኛና በስዋሂሊ አለ፤ በ16ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛም ኮረብታዎች እንደማይገናኙ፣ የሚተዋወቁ ሰዎች ግን እንደሚገናኙ ይነገር ነበር። ስለዚህ ስዋሂሊ ወይም ሩሲያኛ ተናጋሪ ባልደረባ ትርጉሙን ሲያይ ወዲያው ያውቀዋል። በዛሬው እንግሊዝኛ ግን እምብዛም ስለማይሰማ፣ እንግሊዛዊው አንባቢ ምሳሌ መሆኑ ካልተነገረው ስለ መልክዓ ምድር የተጻፈ እንግዳ ዓረፍተ ነገር ይሆንበታል። «ዊ ሃቭ ኤ ሴይንግ» የምትለዋ መግቢያ የምታስፈልገው ለዚህ ነው።

ዋናው ችግር «ይገናኛል» ላይ ነው። የአማርኛው ግስ ዘወትር የሚሆነውንም ወደፊት የሚሆነውንም በአንድ መልክ ይይዛል፤ እንግሊዝኛው ግን አንዱን እንድንመርጥ ያስገድደናል። «ፒፕል ዊል ሚት» ካልን ምሳሌው ትንቢት ይሆናል፤ ከፊቱ ሞቅ ያለ ቃል ከሌለ ደግሞ የቂሙ ትርጉም ሾልኮ ይገባል። «ማውንቴንስ ኔቨር ሚት፣ በት ፒፕል ዱ» ይሻላል። አጭር ነው፣ የአማርኛውን ሚዛን ይጠብቃል፣ ተስፋውንም ያለ ግዴታ ይተወዋል። እያንዳንዱን ቃል ለማስገባት «ማውንቴን ዊዝ ማውንቴን» ብሎ መጀመር ግን ምንም አይጨምርም፤ እንግሊዝኛውን ብቻ ያደናቅፈዋል።

ከምሳሌው ቀጥሎ አማርኛ ተናጋሪ «በደህና ያገናኘን» ማለቱ አይቀርም። የሚያገናኘው ማን እንደሆነ አልተጠቀሰም፤ ሁሉም ስለሚያውቀው መጥቀስ አያስፈልግም። እንግሊዝኛው ግን ባለቤት ይጠይቃል። «ሜይ ጎድ» ብሎ መጀመር ትክክል ነው፤ ሆኖም የሥራ ባልደረባ ካርድ ላይ የጸሎት ቤት ቃና ይሰጠዋል። ብዙዎች በምትኩ የሚመርጡት «አንቲል ዊ ሚት አጌይን» የባሰ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ሐረግ በሐዘን ካርድና በመቃብር ድንጋይ ላይ ስለሚያዩት፣ ሥራ ለሚቀይር ሰው የተጻፈው ለሟች የተጻፈ ሊመስል ይችላል።

ለምሳሌ ለሁለት ዓመት አብሮን ለሠራ ሰው በአማርኛ እንዲህ ብንጽፍ፦ «ሥራ ሲበዛብን አጠገባችን ነበርክ። ተራራ ከተራራ አይገናኝም፣ ሰው ከሰው ግን ይገናኛል። በደህና ያገናኘን።» እንግሊዝኛው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ዩ ዌር ዜር ዌን ዊ ኒድድ ዩ። ዊ ሃቭ ኤ ሴይንግ፦ ማውንቴንስ ኔቨር ሚት፣ በት ፒፕል ዱ። አይ ሆፕ ዊ ዱ፣ ቱ።» ምስጋናው የግድ ከምሳሌው ይቅደም፤ የዛቻውን በር የሚዘጋው እሱ ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ምርቃቱን ወደ ግል ምኞት ቀይራዋለች። የፈጣሪ ድርሻ ቀርቷል፤ ይህን ጉድለት መቀበል ግድ ነው። ባልደረባው ሃይማኖተኛ መሆኑ ከታወቀ ግን ምርቃቱን ከነሙሉ ቃሉ መጻፍ ይቻላል፤ ያኔ አይከብድም።

ባልደረባው በእንግሊዝኛ የሚጽፍልንን መልስ ወደ አማርኛ ስንመልስም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። «ኪፕ ኢን ተች» ብሎ ቢጽፍ «ግንኙነታችንን እንቀጥል» ማለት የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያስመስለዋል፤ የአማርኛው ቃል «አትጥፋ» ነው። ለሴት «አትጥፊ»፣ ለአንቱ ሰው «አይጥፉ» ይባላል። እንግሊዝኛው አንዱን ከሌላው ስለማይለይ፣ ተርጓሚው ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ ሳይጠይቅ መጀመር የለበትም።