አንባቢው ከመግቢያው ላይ ለምን ይመለሳል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ርዕሰ ጉዳዩን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ጽፌዋለሁ። የአንባቢውን ችግር ጠቀስኩ ማለት አይደለም?»

አይደለም። ለምክር ዓምድ የሚላኩ ጽሑፎችን ማረም ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን ክርክር ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ርዕሰ ጉዳይ የነገሩ ስም ነው። ችግር ግን አንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ እጁ ላይ የተበላሸበት ነገር ነው። «እንጀራ» ርዕሰ ጉዳይ ነው። «እንጀራዬ ዓይን አላወጣ አለኝ» ችግር ነው። ጸሐፊዎቻችን የመጀመሪያውን ጽፈው ሁለተኛውን የጻፉ ይመስላቸዋል።

በቅርቡ የደረሰኝን ጽሑፍ ልጥቀስ። ጸሐፊዋ ሙያውን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ከአራተኛው አንቀጽ ጀምሮ ያለው ሁሉ ትክክል እና ጠቃሚ ነው። አጀማመሩ ግን ይህን ይመስል ነበር፦

> እንጀራ በአገራችን ሕዝብ ዘንድ በስፋት የሚዘወተር ባህላዊ ምግብ ሲሆን በዋናነት ከጤፍ ይዘጋጃል። ጤፍ ከጥንት ጀምሮ በኢትዮጵያ ሲመረት የኖረ፣ በብረት ማዕድን የበለጸገ የእህል ዘር ነው። ጥሩ እንጀራ ለመጋገር የተለያዩ ነጥቦችን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍም ስለ እንጀራ አጋገር እንመለከታለን።

ከዚህ ውስጥ ሐሰት የለም። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ የምትከፍተው ሴት ጤፍ ምን እንደሆነ ልትጠይቅ አልመጣችም። ሊጡ በቡሃቃው ውስጥ ነው፤ ከምጣዱ ያወጣችው የመጀመሪያው እንጀራ ድፍን ሆኖባታል፤ ሁለተኛውን ከማስፋቷ በፊት ስልኳን አነሳች። በእኔ ስልክ ላይ ርዕሱ እና ፎቶው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የሚታየው ጽሑፍ 40 ቃል አይሞላም። እነዚያ ጥቂት ቃላት ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን ነገሯት።

ጽሑፉን እንጀራ እየጋገረች ለምትሸጥ ጎረቤቴ በስልክ ላይ ሰጠኋትና ዝም አልኩ። «ከጥንት ጀምሮ» የሚለው ላይ ስትደርስ አውራ ጣቷ ስክሪኑን ወደ ላይ ገፋ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝ። «ስለ ጤፍ ነው» አለችኝ። ከታች የተጻፈው በክረምት ለሚገጥማት ችግር መልስ መሆኑን አላየችም፤ እስከዚያ አልደረሰችም።

ከጸሐፊዋ ጋር ተቀምጠን መግቢያውን እንደገና ጻፍነው፦

> ሊጡን አቡክተው ሦስት ቀን አቆይተዋል። ከላይ ያቀረረውን ውሃ ደፍተው አብሲት ጥለዋል፤ ምጣዱም በደንብ ግሏል። እንጀራው ግን ዓይን የለውም። በበጋ በዚያው ዱቄት እና በዚያው ምጣድ እንከን አልነበረበትም። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከዱቄቱ አይደለም፤ በብርድ ወቅት ሊጡ አብሲት ከተጨመረበት በኋላ ኩፍ ለማለት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ሊጡ መድረሱን ሰዓት ሳይቆጥሩ እንዴት እንደሚለዩ፣ ይህ ካልሠራ ደግሞ አብሲቱን እንዴት እንደሚፈትሹ ከዚህ በታች እናሳያለን።

ይህ አንቀጽ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። አንባቢዋ እስካሁን ያደረገችውን በመዘርዘር ይጀምራል፤ ስለዚህ «ሊጡ በደንብ ይቡካ፣ ምጣዱ ይጋል» የሚል ምክር ደግሞ እንደማይሰጣት ወዲያው ታውቃለች። ቀጥሎ በዓይኗ የምታየውን ይናገራል፦ ዓይን የሌለው እንጀራ። ከዚያ ችግሩ መቼ እንደሚመጣ ይለያል። «በበጋ እንከን አልነበረበትም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱም አንባቢዋ ግራ የተጋባችበት ነገር ይኸው ነው። የምትሠራውን አልቀየረችም፤ የሚወጣው ግን ተቀየረ። በመጨረሻም ልትወቅሰው የነበረውን ዱቄት ነፃ አውጥቶ መልሱ ያለበትን አቅጣጫ ይጠቁማል፤ ከታች የሚጠብቃትንም በስም ይነግራታል።

ቅደም ተከተሉንም ልብ በሉ። «እንጀራው ግን ዓይን የለውም» የሚለው በመጀመሪያዎቹ 20 ቃላት ውስጥ ነው። የስልኩ ስክሪን የፈለገውን ያህል ቢጠብ አይቆረጥም። ስለ አብሲቱ የሚለው የመጨረሻው ሐረግ ቢቆረጥ ግን ብዙ አይጎዳም።

አዲሱን መግቢያ ለዚያችው ጎረቤቴ ሰጠኋት። ጣቷ አልተንቀሳቀሰም። «በዚያው ዱቄት» የሚለውን ድምፅ አውጥታ አነበበችውና «ይህ እኮ የእኔ ነው» አለች። ወደ ታች የገፋችው አንቀጹን ጨርሳ ነው።

ይህን ፈተና ማንም ሊያደርገው ይችላል። ችግሩ ላለበት አንድ ሰው ጽሑፉን በስልክ ስጡት፤ የመጀመሪያውን ስክሪን ብቻ አንብቦ እንዲመልስላችሁ አድርጉ፤ ከዚያ «ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለማን ነው? ከታች ምን ታገኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የርዕሰ ጉዳዩን ስም ከመለሰላችሁ መግቢያው ወድቋል። የገዛ ችግሩን በራሱ አነጋገር ከመለሰላችሁ ተሳክቷል። ፈተናው የማይሠራው ችግሩ ለሌለበት ሰው ስትሰጡት ነው፤ ጋግራ የማታውቅ እህታችሁ ሁለቱንም መግቢያዎች «ጥሩ ነው» ትላችኋለች።

ጸሐፊዋ ያነሳችው ጥያቄ ነበር፤ ሁልጊዜም ይነሳል። «በበጋ የሚበላሽባትስ? እሷን አላባረርናትም?» አዎ፣ ለእሷ ሌላ ጽሑፍ ይጻፍላት። የጽሑፉ ሥጋ ስለ ብርድ ከሆነ በበጋ የተቸገረችውን በሰፊ መግቢያ ጠርቶ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ባዶ እጇን መመለስ ይብሳል። መግቢያው ከጠቀሰው ችግር ውስጥ ጽሑፉ የማይፈታው ካለ ከመግቢያው ይውጣ።

ችግሩን ስንጠቅስ ቃሉን ከየት እናመጣለን? ከጠረጴዛችን አይደለም። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ፣ ከጎረቤት፣ ከአንባቢ በሚመጣ መልእክት ውስጥ ሰዎች የሚሉትን ጻፉ። «ድፍን ሆነብኝ»፣ «ዓይን አላወጣልኝም» ይላሉ። «የእንጀራ ጥራት ጉድለት አጋጠመኝ» የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ በጽሑፎቻችን ውስጥ ግን ሞልቷል። አንባቢው ራሱን የሚያገኘው በራሱ ቃል ውስጥ ነው።

«መልሱን ከላይ ከነገርነው ለምን ወደ ታች ይወርዳል?»

ይህም ሥር የሰደደ ስሕተት ነው። መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ከሆነ ጽሑፉ ከመጀመሪያውም አንድ ዓረፍተ ነገር መሆን ነበረበት። ብዙ ጊዜ ግን መልሱ መቼ፣ ስንት፣ እንዴት የሚሉ ነገሮች አሉት። «ብርዱ ነው፤ ሊጡ ኩፍ ሳይል ጋግረሽው ነው» ብዬ ስነግራት ወዲያው «ኩፍ ማለቱን በምን አውቃለሁ?» የሚል ጥያቄ ይፈጠርባታል። ወደ ታች የሚያወርዳት ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ምክንያቱን ብደብቅባት ግን ጽሑፉ ስለ እሷ ችግር እንደሚያውቅ ምንም ማስረጃ የላትም፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ ትፈልጋለች።

ሰዎች ድረ ገጾችን እንዴት እንደሚጠቀሙ የሚያጠናው ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዓይን እንቅስቃሴ ጥናት፣ ሰዎች አንድን ገጽ በማየት ከሚያሳልፉት ጊዜ 57 በመቶው በመጀመሪያው ስክሪን ላይ እንደሚውል አሳይቷል። ያ በኮምፒውተር ስክሪን ነው፤ የስልኩ ቦታ ከዚያ እጅግ ያንሳል። «ቆይቼ እነግረዋለሁ» የሚል ጸሐፊ አብዛኛው ትኩረት ባለበት ቦታ ላይ ዝም እያለ ነው።

«በጥያቄ መጀመር አንባቢን ይይዛል።»

«እንጀራዎ አልሳካ ብሎዎት ያውቃል?» አዎ፣ ያውቃል፤ ለዚህ ነው የመጣችው። ጥያቄው አዲስ ነገር ሳይነግራት አንድ መስመር በላባት። ጥያቄ የሚሠራው አንባቢው ራሱ የሚጠይቀው ሲሆን ብቻ ነው፦ «በዚያው ዱቄት በበጋ አምሮልኝ፣ አሁን ምን ነካው?»

«አማርኛ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ይወዳል፤ ቀጥታ መግባት ነውር ነው።»

ይህ ያሳዝነኛል፤ ቋንቋችንን ማሳነስ ነውና። በማንኛውም መሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ ተመልከቱ። ከቀኑ እና ከአድራሻው ቀጥሎ፣ ከሐተታው በፊት፣ ከሥሩ ተሰምሮበት «ጉዳዩ፦» ይላል። ተቀባዩ ደብዳቤው ምን እንደሚፈልግ ሐተታውን ሳያነብ ያውቃል። በፍርድ ቤት በር ላይ አቤቱታ የሚጽፉ ሰዎችም ባለጉዳዩ ታሪኩን ከአያቱ ሲጀምርላቸው «አሁን የተወሰደብህ ምንድን ነው?» ብለው ያቋርጡታል። የደብዳቤው «ጉዳዩ፦» ብዙ ጊዜ ርዕሰ ጉዳዩን ብቻ ይዞ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ቀዳሚውን ቦታ ለጉዳዩ መስጠት ግን የራሳችን ልማድ ነው።

«አንባቢን ማስፈራራት ያስነብባል።»

«እንግዳ ፊት ከማፈርዎ በፊት ይህን ያንብቡ» የሚል መግቢያ ችግሩን አጋኖ አንባቢዋን ይከስሳል። ድፍን እንጀራ ድፍን እንጀራ ነው፤ በልኩ ይጠቀስ።

«ሰላምታ ሳይሰጡ መጀመር ድፍረት ነው።» «ውድ አንባቢያን እንደምን ሰነበታችሁ» ለሬዲዮ ነው፤ በስልክ ላይ ሁለት መስመር ይወስዳል።

«አጭር መግቢያ ሁልጊዜ ይሻላል።» «ስለ እንጀራ አጋገር እንነጋገር» አጭር ነው፤ ማንንም አላስቆመም።

«መግቢያ መጀመሪያ ይጻፋል።»

መጀመሪያ ይነበባል እንጂ። ጸሐፊው የትኛውን ችግር በትክክል እንደፈታ የሚያውቀው ሥጋውን ጽፎ ሲጨርስ ነው። እኔ መግቢያ የማርመው ሁልጊዜ ከመጨረሻው አንቀጽ ተነስቼ ነው፦ እዚያ የተሰጠው ምክር ለማን ይጠቅማል? ያ ሰው ጠዋት ምን ገጥሞት ነበር? የእንጀራው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ አብሲት ከተጣለ በኋላ ሊጡ ከፍ ብሎ አረፋ ሲያወጣ ብቻ ይጋገር፣ በብርድ ቀን ቡሃቃው ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ ይላል። «በበጋ እንከን አልነበረበትም» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ያገኘናት ከዚያ ወደ ኋላ ስንሄድ ነው። ስለ ብረት ማዕድኑ የተጻፈውን ደግሞ ጸሐፊዋ ቆርጣ አስቀምጣዋለች፤ ነፍሰ ጡሮች ስለሚበሉት ምግብ ለምታዘጋጀው ጽሑፍ ትፈልገዋለች።