ለጠንካራ አሲድና ለደካማ ቤዝ ታይትሬሽን የሚስማማው ኢንዲኬተር ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ መለያው የደበዘዘ የአሞኒያ ጠርሙስ አለ እንበል። አሞኒያ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር እየተነነ ስለሚቀንስ፣ መለያው ቢነበብ እንኳ ቁጥሩ አይታመንም። መጠኑን ማወቂያው መንገድ ታይትሬሽን ነው።

በፒፔት 25.0 ሚሊ ሊትር አሞኒያ ወደ ፍላስክ ይወሰዳል፤ ቢዩሬቱ 0.100 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሞላል። ልክ 20.0 ሚሊ ሊትር አሲድ ሲወርድ አሞኒያው በሙሉ አለቀ እንበል።

NH₃ + HCl → NH₄Cl

አንድ ለአንድ ስለሚገናኙ ስሌቱ ቀላል ነው። 0.100 በ20.0 ሲባዛ 2.00 ሚሊ ሞል አሲድ ይሆናል፤ አሞኒያውም 2.00 ሚሊ ሞል ነበር ማለት ነው። ይህ ለ25.0 ሲካፈል 0.0800 ሞላር ይሰጣል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፤ አሲዱና ቤዙ እኩል ከሆኑ ፒኤቹ 7 ነው ብሎ ያስባል። ፍላስኩ ውስጥ የቀረው ግን አሞኒየም ክሎራይድ ነው፤ አሞኒየም ደግሞ ራሱ ደካማ አሲድ ነው። 2.00 ሚሊ ሞሉ አሁን በ45.0 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስለተበተነ 0.0444 ሞላር ይሆናል። የአሞኒየም Ka 5.6 × 10⁻¹⁰ ስለሆነ፦

[H⁺] = √(5.6 × 10⁻¹⁰ × 0.0444) ≈ 5.0 × 10⁻⁶

ፒኤቹ ወደ 5.3 ነው። ስለዚህ የምንመርጠው ኢንዲኬተር ቀለሙን በዚህ ቁጥር ዙሪያ የሚቀይር መሆን አለበት። ሜቲል ሬድ ከ6.2 በላይ ቢጫ፣ ከ4.4 በታች ቀይ ነው፤ 5.3 መሀሉ ላይ ይወድቃል። ከ19.9 እስከ 20.1 ሚሊ ሊትር ባለው ርቀት፣ ማለትም በአራት ጠብታ ገደማ፣ ፒኤቹ ከ7 ትንሽ ዝቅ ካለው ወደ 3.7 ገደማ ስለሚወርድ ቀለሙ በድንገት ይገለበጣል። ሜቲል ኦሬንጅም የመጀመሪያው ለውጥ ላይ ከቆሙ አያሳፍርም፤ የሚዘገየው ቢበዛ አንድ ጠብታ ያህል ነው።

ችግር የሚመጣው መደርደሪያው ላይ ፌኖልፍታሊን ብቻ ሲኖር ነው፤ በየትምህርት ቤቱ የሚገኘውም እሱ ነው። ቀለሙ የሚለወጠው በፒኤች 10 እና 8.3 መካከል ነው። በእኛ ምሳሌ ደግሞ ፒኤቹ 10 የሚደርሰው 3 ሚሊ ሊትር አካባቢ፣ 8.3 የሚደርሰው 18 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ሮዙ ቀለም እየሳሳ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ የሚቆረጥበት ቦታ የለውም። ቀለሙ ጨርሶ ሲጠፋ ቢዩሬቱን ዘግቶ 18.0 የሚመዘግብ ሰው 0.0720 ሞላር ያገኛል፣ ከእውነተኛው 10 በመቶ ያነሰ።

ቀለሙ በአንድ ጠብታ ካልተለወጠና «አሁን ነው? ወይስ አሁን?» እያለ ካወላወለ፣ ከእጅዎ በፊት ኢንዲኬተሩን ይጠርጥሩ። እሱ ትክክል ሆኖ ውጤቱ በተደገመ ቁጥር ዝቅ እያለ ከሄደ ግን፣ ፍላስኩ ሳይከደን ቆይቶ አሞኒያው እየተነነ ሊሆን ይችላል።